ውሻ ከነከሰ በኋላ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጥቅምት 5 ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የ8 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የጎረቤት ቡችላ ቀኝ እጁን፣ አውራ ጣቱ ሥር ነከሰው። ሁለት የጥርስ ምልክትና ጥቂት ደም ብቻ ነበር። እናቱ የተፈጨ ቡና ነሰነሰችበት፣ በጨርቅ ጠበቅ አድርጋ አሰረችለት፣ ልጁም ወደ ጨዋታው ተመለሰ። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ በማግስቱ ጠዋት ወደ እኔ የመጣው ግን የቡችላው ባለቤት ነው፣ ያውም ለልጁ ሳይሆን ለቡችላው። «ዶክተር፣ እህል አልቀምስ አለኝ። አጥንት ሳይቀረቀርበት አይቀርም፤ ማታ እጄን አስገብቼ ብፈልግ አጣሁት» አለኝ።

ቡችላው በኬሻ ተጠቅልሎ ነበር። የታችኛው መንጋጋው ተንጠልጥሎ፣ ለሃጩ እየተዝረከረከ፣ ዓይኑ ይፈዛል። የጠረጠርኩት የእብድ ውሻ በሽታን ስለነበር ከምርመራው በፊት የጠየቅኩት «ሰው ነክሷል?» ብዬ ነው። የልጁ ነገር የተነሣው ያኔ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ በዚያ አንድ ጉዳይ ላይ የተሠሩ ወይም ለጥቂት ሳይሠሩ የቀሩ ናቸው።

«አጥንት ተቀርቅሮበት ነው»

ያበደ ውሻ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው አረፋ እየደፈቀ መንገድ ለመንገድ የሚሮጠውን፣ ያገኘውን ሁሉ የሚነክሰውን ነው። እንዲህ ያለው አለ። ዝምተኛው ዓይነት ግን አለመጠርጠሩ አደገኛ ያደርገዋል። የበሽታው ቫይረስ ነርቮቹን ሲይዝ የመንጋጋና የጉሮሮ ጡንቻዎች ይዝላሉ፣ እንስሳው መዋጥ ያቅተዋል፣ የማይዋጠው ምራቅ ደግሞ በአፉ ይፈስሳል። ውጭ ቆሞ ለሚያይ ሰው ነገሩ ቁርጥ የታነቀ ውሻ ይመስላል። ላምም እንዲሁ ትሆናለች። ድምጿ ይጎረንናል፣ ደጋግማ ትጮኻለች፣ ለሃጯ ይንጠባጠባል፣ ባለቤቷም «ድንች ገብቶባት ይሆናል» ብሎ እጁን እስከ ክርኑ ይሰድዳል።

ቫይረሱ የሚወጣው በዚሁ ምራቅ ነው። እጅ ላይ ቆዳው የተሰነጠቀ ቦታ ወይም ያልዳነ ቁስል ካለ መነከስ አያስፈልግም። የቡችላው ባለቤት ጣቶች በግንባታ ሥራ የተሰነጣጠቁ ነበሩ፤ ስለዚህ እሱም ከልጁ እኩል ክትባት ያስፈልገው ነበር። ይህን ስነግረው የሳቀው ሳቅ አሁንም ትዝ ይለኛል።

ውሻው ባለቤቱን እንደማያውቅ ከሆነ፣ ጨለማ ፈልጎ ከተደበቀ፣ እንጨትና ድንጋይ ከነከሰ፣ ድምፁ ከተለወጠ ወይም መንጋጋው ከወደቀ እጅዎን ወደ አፉ አያስጠጉ። በር ዘግተውበት የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

ቡና መነስነስ፣ ማሰር፣ ማሰፋት

ቫይረሱ ከጥርሱ ወደ ሥጋው እንደገባ ወዲያው ወደ አንጎል አይሮጥም። መጀመሪያ እዚያው ቁስሉ አካባቢ ይቆያል፣ ከዚያ ነርቭ ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይጓዛል። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትልቁ መድኃኒት ውሃና ሳሙና ነው። የቫይረሱ የውጭ ሽፋን ቅባትነት ስላለው ሳሙና ያፈርሰዋል። ቡና ደሙን ያቆም ይሆናል፤ ነገር ግን ቫይረሱን ከውስጥ ዘግቶ ያስቀምጠዋል። አጥብቆ ማሰርም ያው ነው።

መታጠብ ሲባል ውሃ አፍስሶ መጥረግ ማለት አይደለም። የሚመከረው 15 ደቂቃ ነው፤ በሰዓት ሲለካ ደግሞ 15 ደቂቃ ረጅም ነው። እኔ ሰዎችን የማሠራቸው እንዲህ ነው፦ አንዱ በጆግ ሳያቋርጥ ያፈስሳል፣ ሌላው ቁስሉን በሳሙና ያሻል፣ አረፋው ጥርሱ በበሳው ቀዳዳ ውስጥ እንዲገባ ጠርዙን ከፈት ያደርጋል፣ ያለቀልቃል፣ እንደገና በሳሙና ያሻል። አንድ ጀሪካን ውሃ ያልቃል። የልብስ ሳሙናም ይሆናል። ከዚያ አዮዲን ወይም አልኮል ከተገኘ ይቀባል። ልጁን በማግስቱም ቢሆን ቡናውን አንስተን አጠብነው፤ ሰዓቱ አልፏል ተብሎ አይተውም።

ሁለተኛው ነገር መስፋት ነው። ቁስሉ ሰፊ ሲሆን ቤተሰብ «ለምን አልተሰፋም?» ብሎ ይቆጣል። መርፌው ቫይረሱን ወደ ጥልቅ ሥጋና ወደ አዲስ የነርቭ ጫፎች ሊወስደው ስለሚችል ባለሙያው ባይሰፋ ትክክል ነው። የግድ ከሆነ እንኳ ከታች የምነግራችሁ ሴረም ቁስሉ ውስጥ ከተወጋ በኋላ ላላ ተደርጎ ነው የሚሰፋው።

ውሻውን ገድሎ መጣል

ወሬው እንደተሰማ ሦስት ጎረምሶች ዱላ ይዘው መጡ። ቡችላውን ግቢዬ ውስጥ ባዶ ክፍል ዘግቼበት ስለነበር ተከራክሬ መለስኳቸው።

ውሻ ወይም ድመት ምራቁ ውስጥ ቫይረስ የሚታየው ከመታመሙ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ነው፤ ከታመመ በኋላ ደግሞ ብዙ አይቆይም፣ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ የነከሰው ውሻ ታስሮ 10 ቀን ሙሉ ከበላ፣ ከጠጣና ጤነኛ ከሆነ፣ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። ክትባት የጀመረው ሰውም በሐኪም ምክር ሊያቆም ይችላል። ውሻውን ወዲያው የገደለ ሰው ይህን መልስ አብሮ ገደለው። ይህ ስሌት ለጅብና ለቀበሮ አይሠራም።

ታዲያ 10 ቀኑን እየቆጠሩ ክትባቱን ማዘግየት ሌላ ስህተት ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን ይጀመራሉ።

ቡችላው ጥቅምት 9 ሞተ። ከሞተ በኋላ ምርመራው የሚሠራው ከአንጎሉ ላይ ነው። ጭንቅላቱ በድንጋይ የተፈጠፈጠ፣ ወይም ፀሐይ ላይ ውሎ የበሰበሰ ውሻ ለላቦራቶሪ አይጠቅምም። ራስዎ አንገቱን እንዳይቆርጡ፤ የእንስሳት ሐኪም በጓንትና በመነጽር ያደርገዋል፣ በበረዶ አቀዝቅዞም ይልከዋል። የእኛ ናሙና አዲስ አበባ ደርሶ ውጤቱ ሲመጣ ቫይረሱ ተገኝቶበት ነበር።

«እስኪ እንየው»

ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከተነከሱ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ከሳምንት ያነሰም፣ ከዓመት ያለፈም ያጋጥማል። ፊትና አንገት ላይ ወይም እጅ ላይ ከሆነ ይፈጥናል፣ መንገዱ አጭር ነው፣ ነርቭም ይበዛበታል። በዚህ መካከል ሰውየው ምንም አይሰማውም፤ ቁስሉም ይድናል። ከዚያ የተነከሰበት ቦታ ይቆጠቁጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ውሃ ሊጠጣ ሲል ጉሮሮው ይጨመደድበታል። እዚያ ከደረሰ የሚያድነው ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ የሚሠራው በዚያ ዝም ባለው ጊዜ ብቻ ነው።

የልጁ አያት ፀበል ይወሰድ አሉ፤ አንድ ዘመዳቸው ደግሞ ሥር የሚያጠጣ ባለመድኃኒት ጠቆመ። «እሱ ጋ ሄዶ የሞተ የለም» አለኝ። እውነቱን ሊሆን ይችላል። የሚነክሰው ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም፤ ያበደ ውሻ የነከሰውም ሰው ሁሉ አይታመምም። ባለመድኃኒቱ የሚመሰገነው ሳይታከሙም በማይታመሙት ነው፤ የታመሙት ተመልሰው አይመጡም። አያትየውን «ፀበሉ ይቀጥል እማማ፣ ክትባቱ ግን ዛሬ ይጀመር» አልኳቸው። ተስማማን።

ክትባቱን መሃል ላይ ማቋረጥ

ብዙ ሰው የሚፈራው የድሮውን፣ ከበግ አንጎል የሚሠራውንና ሁለት ሳምንት በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋውን ክትባት ነው። አዲሱ ክንድ ላይ፣ ለትንንሽ ልጆች ጭን ላይ ይሰጣል። ቂጥ ላይ አይወጋም፤ እዚያ ስብ ስለሚበዛ አቅሙ ይቀንሳል። ነፍሰ ጡርም ሕፃንም ይወስዱታል።

ቀጠሮው በ0፣ በ3፣ በ7 እና በ14ኛው ቀን ነው፤ አንዳንድ ቦታ በ28ኛው ቀን ይጨመራል። 0 የተባለው የተነከሰበት ቀን ሳይሆን የመጀመሪያው ክትባት የተሰጠበት ቀን ነው። ልጁ ጥቅምት 6 ጀመረ፤ ስለዚህ ቀጣዮቹ ጥቅምት 9፣ 13 እና 20 ሆኑ። ጥቅምት 13 ላይ እናቱ «ድኗል እኮ» ብላ የቁስሉን ጠባሳ አሳየችኝ። ቁስል መዳኑ ስለ ቫይረሱ ምንም አይናገርም።

ሌላው የሚረሳው ሴረሙ ነው። ክትባቱ ሰውነት የራሱን መከላከያ እስኪሠራ ቀናት ይወስድበታል፤ ሴረሙ ግን የተዘጋጀ መከላከያ ነው፤ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ይወጋል። ቆዳ ለበሳ ንክሻ ሁሉ ያስፈልጋል። እንደ ክትባቱ በየቦታው አይገኝም፤ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ እስከ 7 ቀን ድረስ መስጠት ስለሚቻል ግን ዛሬ ጠፋ ተብሎ አይተውም። ከመሄዳችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ የት እንዳለ አረጋግጡ፤ እኛ ሁለት ጤና ተቋም ተመልሰን ነው በሦስተኛው ያገኘነው።

«ከምትሞት እንረዳት»

ነገሩን ወደ ኋላ ስንመረምር፣ መስከረም ላይ አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ ሌሊት ቡችላው ያለበት ግቢ ገብቶ ቡችላውንም እዚያ የነበረችውን ላምም ነክሶ ነበር። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ላሟ መጮህና ለሃጭ መጣል ጀመረች። ባለቤቷ ቢላዋ እያሳለ ነበር የደረስኩት። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ሥጋው ነው፤ ትልቁ አደጋ ግን አራጁ ላይ ነው። ጭንቅላቱን ሲፈልጥ፣ ምላሱን ሲያወጣ፣ ቢላዋው እጁን ሲነካው ምራቁና አንጎሉ ቀጥታ ይገባሉ። መቀቀል ቫይረሱን ይገድለዋል፣ ግን ከድስቱ በፊት ያለውን ሥራ ማን ይሠራል? ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ደግሞ ሁሉም ድስት እስኪደርስ አይጠብቅም። ወተቷም አይጠጣም። ሳትታረድ በጥልቅ ጉድጓድ ቀበርናት። ሰውየው ስለ ዋጋዋ ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም፤ አልፈረድኩበትም።

«ገና ቡችላ ነው»

ውሻ በ3 ወሩ ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ሰንሰለት ላይ መሆኑ አይበቃም፤ የኛው ቡችላም የታሰረ ነበር፣ ሌላው ውሻ ነው የመጣበት። በአንድ ሰፈር ከ10 ውሾች 7ቱ ከተከተቡ በሽታው መዛመቱን ያቆማል። ያ ቡችላ ሲሞት 4 ወሩ ነበር።