ያስነጠሰችው ግልገል ናት፣ በሽታው ግን የማን ነው?

ጎረቤቴ ስድስት ድመት አሏቸው። በጠዋት ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ያቺ ከገበያ ያመጣኋት የድመት ግልገል በሽታ ይዛብኝ መጣች» አሉ። ሄጄ አየኋት። ሁለት ወር ገደማ ትሆናለች። ታስነጥሳለች፣ ንፍጧ አፍንጫዋ ላይ ደርቋል፣ አንድ ዓይኗ በዓይናር ተጣብቋል። «መቼ ነው ያመጧት?» ስላቸው ቆጠሩ። አስራ ሁለት ቀን ሆኗታል።

እኔን ያጠራጠረኝ ይሄ አስራ ሁለት ቀን ነው።

መጀመሪያ ቀን ቁጠሩ

ብዙ ድመት ባለበት ቤት ማስነጠስ፣ የዓይን እንባና ንፍጥ አብረው ከመጡ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ቫይረሶች አንዱ ነው፤ የድመት ኸርፐስ ወይም ካሊሲ። የሰው ጉንፋን አይደሉም፤ እናንተም ከድመቷ አይይዛችሁም።

ኸርፐስ የያዛት ድመት ከሁለት እስከ ስድስት ቀን ባለው ጊዜ ማስነጠስ ትጀምራለች። ስለዚህ አዲሷ ድመት በመጣች በሦስተኛው ቀን ካስነጠሰች በሽታውን ይዛ መጥታለች ማለት ይቻላል። በአስራ ሁለተኛው ቀን ከሆነ ግን ያስያዛት ቤት ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ኸርፐስ አንዴ ከገባ አይወጣም። ድመቷ ከዳነች በኋላ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይተኛል። እንግዳ ድመት ሲመጣ፣ ቤት ሲቀየር፣ ስትወልድ፣ በአጭሩ ስትጨነቅ ይነሳል። ቫይረሱ ወዲያው አይወጣም፤ ከጭንቀቱ አንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ነው መረጨት የሚጀምረው። ከዚያም አንድ ሁለት ሳምንት ይቀጥላል።

የጎረቤቴን ቤት በዚህ ሂሳብ እንየው። ግልገሏ ገባች። ጉርቻ የሚባለው ሽማግሌ ድመት ተበሳጨ፣ ቁምሳጥን ላይ ወጥቶ አኮረፈ። በስምንተኛው ቀን ግራ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እሳቸው «ጸባዩ ነው፣ ብርድ ሲሆን ሁሌም እንዲያ ያደርገዋል» ይላሉ። በአስራ ሁለተኛው ቀን ግልገሏ አስነጠሰች። ምስኪኗ ተከሳሽ ሳትሆን ተበዳይ ናት ብዬ ፈረድኩ። መቶ በመቶ እርግጠኛ መሆን ግን አይቻልም፤ እሷም ከእናቷ የወሰደችው ቫይረስ በጉዞው ጭንቀት ተነስቶባት ሊሆን ይችላል። ለሕክምናው ለውጥ የለውም። ለቤቱ ግን አለው፦ ግልገሏን ብታባርሩ በሽታው አይሄድም።

ምልክቱ የት ላይ በረታ?

ዓይን ላይ ከበረታ፣ ማስነጠሱም ተደጋጋሚ ከሆነ ኸርፐስን ጠርጥሩ። የሚያሰጋው የዓይኑን መስታወት የሚመስል ሽፋን ማቁሰሉ ነው። ዓይኗን ጨፍና የምትውል፣ ብርሃን የምትሸሽ ወይም ዓይኗ ደመና የለበሰ ድመት ዛሬውኑ ሐኪም ትይ።

አፍ ላይ ከበረታ ካሊሲን ጠርጥሩ። ምላሷ ላይ ቁስል ይወጣል፣ ለሃጭ ታዝረበርባለች፣ አንዳንዴም ለጥቂት ቀን ታነክሳለች። እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። በእኛ አገር የእብድ ውሻ በሽታ አለ፤ ድመትም ይይዘዋል። ያልተከተበች ለሃጫም ድመት ጸባይዋ ከተለወጠ፣ ያለ ምክንያት ከተናከሰች ወይም መንጋጋዋ ከተንጠለጠለ አፏን ከፍቶ ማየት የእናንተ ሥራ አይደለም። ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ማስነጠሱ ቀላል ሆኖ አንድ ዓይን ቀልቶ ካበጠና ከቀናት በኋላ ሌላኛው ከተከተለ ክላሚዲያ የሚባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ይሄኛው መድኃኒት አለው። ዶክሲሳይክሊን ለአራት ሳምንት ይሰጣል፣ ያውም ለቤቱ ድመቶች በሙሉ። የታመመችዋን ብቻ ካከማችሁ መልሳ ትያዛለች። መጠኑን ሐኪሙ በክብደት ያወጣዋል። ክኒኑን በደረቁ አታስውጧት፤ ጉሮሮዋ ላይ ቀርቶ ያቆስላል። ከኋላው በመርፌ ሲሪንጅ፣ መርፌው ወልቆ፣ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ቀስ ብላችሁ አስከትሉ።

ንፍጡ ከአንድ አፍንጫ ቀዳዳ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የገባ የሣር ስንጥር ወይም የበሰበሰ ጥርስ ሊሆን ይችላል። ከሰል ሲጤስና ዕጣን ሲጨስ ብቻ የምታስነጥስ ድመት ደግሞ አልታመመችም፤ ጭሱን ቀንሱላት።

ምን ላድርግላት?

ትልቁ ሥራ ማብላት ነው። ድመት በአፍንጫዋ ነው የምትበላው። ሽታው ካልመጣላት ሥጋ ፊቷ ቢቀመጥም ዞራ አታይም። ስለዚህ በመጀመሪያ አፍንጫዋን ክፈቱ። ጥጥ በለብ ያለ ኖርማል ሳላይን ነክራችሁ ደረቁን ንፍጥ አርጥቡና ጥረጉ። ሻወር ቤት ሙቅ ውሃ ከፍታችሁ እንፋሎቱ ውስጥ አስር ደቂቃ አብራችኋት ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያው ምግብ፦ ሳርዲን ወይም የተፈጨ ዶሮ፣ ገላችሁ ያህል ሞቆ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የገባበት መረቅ መርዟ ነው። ትልቅ ድመት አንድ ቀን ሙሉ፣ ግልገል ግማሽ ቀን ካልበላች አትጠብቁ። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ ደግሞ ደቂቃም አትቆዩ።

ዓይኗን ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ለእያንዳንዱ ዓይን አዲስ ጥጥ ይዛችሁ ጥረጉ። በየፋርማሲው ያለው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ለድመትም ያገለግላል፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይቀባል። ከቀባችሁ በኋላ ዓይኗ ከባሰበት አቁሙ። ዴክሳሜታዞን ያለበት የሰው ጠብታ ግን ከቤት ተርፎ ቢገኝ እንኳ አይሞከርም። የቆሰለ ዓይን ሊያፈርጥ ይችላል። ፓራሲታሞል ደግሞ አንዷ ፍሬ ድመት ትገድላለች። ጎረቤቴ «ግማሹን ልስጣት እንዴ?» ብለውኝ ነበር። እንኳን ጠየቁኝ።

ቫይረሱን አንቲባዮቲክ አይገድለውም። ንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከወፈረ፣ ወይም ድመቷ ከደከመች ሐኪሙ ሊጨምር ይችላል። አብዛኞቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሻላቸዋል።

ቤቱስ?

የታመመችዋን በር በሚዘጋ ክፍል ለዩ። ማስነጠስ ከአንድ ሜትር በላይ ይረጫል። ጤነኞቹን አስቀድማችሁ አብሉ፣ እሷን መጨረሻ፤ ከዚያ እጅ በሳሙና። የእጅ አልኮል ካሊሲ ላይ እምብዛም አይሠራም። ኸርፐስ ከድመቷ ውጭ አንድ ቀን እንኳ አይቆይም፤ ካሊሲ ግን ሳህንና ወለል ላይ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል። መጀመሪያ በሳሙና እጠቡ፤ ከዚያ በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በረኪና በጥብጣችሁ አስር ደቂቃ አቆዩና አለቅልቁ። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትደባልቁ።

አዲስ ድመት ሲመጣም ሁለት ሳምንት ለብቻ። የኸርፐስና የካሊሲ ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜ ይጀመርና በየሦስት አራት ሳምንቱ እስከ አስራ ስድስተኛው ሳምንት ይደገማል። መያዝን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም፤ ሕመሙን ግን ያቀለዋል።

ስድስት ድመት ከአንድ ሳህን ሲበላ ያየሁት እዚያው ቤት ነው። ሳህኖቹን በየጥጋቱ አከፋፈልን፤ የአሸዋ ሳጥኑም ከአንድ ወደ አራት አደገ። የጉርቻን ሳህን ቁምሳጥኑ ላይ አወጣንለት፣ ማንም እንዳይደርስበት። ግልገሏ በአስረኛው ቀን ማስነጠሷን አቆመች። የጉርቻ ዓይን አሁንም አልፎ አልፎ ያነባል። ጎረቤቴ ግን «ጸባዩ ነው» ማለት ትተው፣ ዓይኑ እርጥብ ባለ ቁጥር የግልገሏን ክፍል ይዘጋሉ።