ካርዱ ተቀየረ፣ ክፍያው ግን ቀጠለ

የዴቢት ካርዴ ቁጥር ስለተሰረቀ አሜሪካ ያለው ባንኬ አዲስ ቁጥር ያለው ካርድ ላከልኝ። የስልክ ክፍያዬ ወዲያው ውድቅ ሆነ። ልተወው ያሰብኩት የጂም ክፍያ ግን ምንም ሳልነካ ከአዲሱ ካርድ ላይ ተቆረጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪዛና ማስተርካርድ የካርድ መረጃ የሚያድስ አገልግሎት አላቸው። ባንኩ አዲሱን ቁጥር እዚያ ያስገባል፤ አገልግሎቱን የሚጠቀም ድርጅት ይወስደዋል። ድርጅቱ ካልተጠቀመበት አሮጌው ቁጥር ላይ ይቀራል፣ ክፍያውም ይወድቃል። ስለዚህ የትኛው እንደሚቀጥል ከውጭ ሆኖ መገመት አይቻልም።

እኔ የ12 ወር የሂሳብ መግለጫ አውጥቼ ተደጋጋሚውን ሁሉ ለቀምኩ። የአንድ ወር ብቻ ካያችሁ በዓመት አንዴ የሚቆረጠው ያመልጣችኋል። የዌብሳይት አድራሻ ዕድሳቴን ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው።

አዲሱን ካርድ አፑ ላይ ማስገባት ብቻውንም አይበቃም። በአንድ የኦንላይን ሱቅ አዲሱን ዋና ካርድ አድርጌው እንኳ፣ በየወሩ የሚላክልኝ የሕፃን ዳይፐር አሮጌውን እንደያዘ ነበር። የዳይፐሩን ትዕዛዝ ራሱን ከፍቼ ካርዱን ቀየርኩ፤ አሮጌውን ያጠፋሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ለጂሙ በጽሑፍ የስረዛ ደብዳቤ ላክሁ። ባንኩንም ክፍያውን እንዲያግድ ጠየቅሁ። የአሜሪካ ሕግ ይህን ይፈቅዳል፤ ጥያቄው ከሚቀጥለው ክፍያ ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀድሞ መድረስ አለበት። እገዳው ግን ውሉን አያፈርስም። የስረዛውን ማረጋገጫ እስክቀበል ድረስ ጂሙን መወትወቴን አልተውኩም።