ሦስት ቀን ፈግፍጌ ያልጠፋው የሰዓት መስታወት ጭረት

የእጅ ሰዓቴ መስታወት ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወጣ። ሦስት ቀን በፖሊሽ ክሬም ፈገፈግኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ለካ ክሬሙ የአክሪሊክ ነው። አክሪሊክ ፕላስቲክ ስለሆነ በቀላሉ ይጫራል፣ ግን በጥቂት ደቂቃ ፍግፈጋ ይጠራል። ወጪው የክሬሙ ዋጋ ብቻ ነው።

በጥፍሬ መታ መታ ሳደርገው የእኔ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ፤ ሚኒራል የሚባለው የመስታወት ዓይነት ነበር። አክሪሊክ ድምፁ ድፍን ይላል። ሚኒራልን ከመፈግፈግ መቀየር ይረክሳል።

የድሮውን ስፋትና ውፍረት በካሊፐር ለካሁ፦ 30.5 በ1.5 ሚሊሜትር። በዚያው ልክ ሳፋየር የሚባል ጠንካራ መስታወት፣ ውሃና አቧራ ከሚከለክል አዲስ ጋስኬት ጋር አስገጠምኩ። ዋጋው ከሚኒራል ይበልጣል። ግን በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 9 ነው፤ ሚኒራልን የሚጭረው አሸዋ 7 አካባቢ ስለሆነ አይነካውም። ጠንካራ ነገር ላይ ቢወድቅ ግን ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ያኔ መፍትሔው እንደገና መቀየር ነው።