የቲቢ ክኒን ሲያቅለሸልሽና ቀን ሲዘለል፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ መመሪያ የተለመደውን የቲቢ ሕክምና፣ ማለትም መድኃኒት ያልተላመደውን ቲቢ የስድስት ወር ሕክምና ይመለከታል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት መድኃኒቶች (ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፓይራዚናማይድ፣ ኢታምቡቶል) በአንድ ክኒን ተዋህደው ይሰጣሉ፤ በቀሩት 4 ወራት ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ብቻ ይቀጥላሉ። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሕክምና ሌላ ነው፤ እዚህ የተጻፈው ለእርሱ አይሠራም።

በቲቢ ክፍል ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ሕክምናውን የሚያቋርጡትን ሰዎች ብዙውን ጊዜ ያቋረጣቸው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት የመጣው ማቅለሽለሽ ነው። ቀኑ የሚዘለለው በዚያ ምክንያት ነውና ከእርሱ እጀምራለሁ።

ምልክት፦ ክኒኑ ከተዋጠ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ማቅለሽለሽ፣ ምራቅ መሙላት፣ ምግብ መጥላት

ምክንያቱን ለማወቅ ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ትናንት ማታ የመጨረሻውን ጉርሻ የጎረሱት ስንት ሰዓት ነበር? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «ማታ 1 ሰዓት» ይሆናል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ክኒኑ ይዋጣል፣ ወዲያው ቡና ይከተላል፣ ቁርስ ደግሞ 4 ሰዓት ላይ ይመጣል። ሆዱ ለአሥራ አምስት ሰዓት ያህል ምግብ አላየም፤ የገቡበት ሦስት ወይም አራት ትልልቅ ክኒኖችና ቡና ብቻ ናቸው። ማንም ቢሆን ያቅለሸልሸዋል።

«በባዶ ሆድ ውሰድ» የሚለው መመሪያ ትክክል ነው፤ ሪፋምፒሲን ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ ሲወሰድ ወደ ደም በደንብ ይገባል። ነገር ግን ይህን ብቻ ነግሮ ታካሚውን የሚያሰናብት ባለሙያ ግማሹን ሥራ ትቶታል። በትንሽ ምግብ የተወሰደ ክኒን ሳይወሰድ ከቀረ ክኒን እጅግ ይሻላል።

መፍትሄው በቅደም ተከተል ይሞከራል። መጀመሪያ ቡናውን ከቁርስ በኋላ ያድርጉት። ይህ ካልበቃ ክኒኑን ከቁራሽ ዳቦ ወይም ከጥቂት አጥሚት ጋር ይውሰዱት፤ ቅቤና ዘይት የበዛበት ፍርፍር ግን አይሁን፣ ቅባት የመድኃኒቱን አቅም ይቀንሳል። በሦስትና አራት ቀን ለውጥ ካልታየ ሰዓቱን ወደ ማታ ያዛውሩት፤ ከእራት 2 ሰዓት በኋላ ወስደው ይተኙ። ማቅለሽለሹ እንቅልፍ ላይ ያልፋል። ብዙ ሰዎችን ያቀናላቸው ይህ ነው፣ በረመዳን ለሚጾምም ይመቻል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ምእመናን ደግሞ ቀኑን ከመዝለላቸው በፊት የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ።

የዕለቱን ክኒን ግማሹን ጠዋት ግማሹን ማታ ብሎ በራስ ፈቃድ መክፈል ክልክል ነው፤ መድኃኒቱ አንድ ላይ ሲገባ ነው ጀርሙን በሚገባ የሚመታው። ከመድኃኒት ቤት ሳያማክሩ የሚገዛው የጨጓራ ማስታገሻም ሌላ ችግር ያመጣል፤ አሉሚኒየም ያለበት ማስታገሻ አይሶናያዚድ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ግድ ከሆነ ክኒኑ ከተወሰደ ቢያንስ ከ2 ሰዓት በኋላ ይሁን። የማስመለስ ማቆሚያ መድኃኒት ካስፈለገ የቲቢ ክፍሉ ያዝዛል።

ቢያስመልስዎትስ? ከዋጡ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሆነ መድኃኒቱ ወጥቷልና ብዙውን ጊዜ ይደገማል፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ አይደገምም። በየቀኑ የሚደጋገም ከሆነ ግን ለራስ ውሳኔ አይተውም፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

አደገኛው ማቅለሽለሽ

ሽንት ወደ ብርቱካንማ ቀይ መቀየሩ የሪፋምፒሲን ቀለም ነው፣ ጉዳት የለውም። የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ እንደ ወፍራም ሻይ ከጠቆረ፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት በታች ካመመ ወይም ማስመለሱ አልቆም ካለ ግን ጉበት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም ክኒን አቁመው በዚያው ቀን ይሂዱ፤ የቀጠሮ ቀን አይጠብቁ። አረቄና ጠላ፣ የባህል መድኃኒትም ጭምር፣ ይህን አደጋ ያባብሳሉ። እይታ ከደበዘዘ ወይም ቀለም መለየት ካስቸገረ ኢታምቡቶል ያመጣው ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ይታዩ። እግር ላይ መደንዘዝና ማቃጠል ከመጣ ቫይታሚን ቢ6 ይጠይቁ።

ምልክት፦ ቀናት ተዘልለዋል፣ አሁን ምን ላድርግ?

አንድ የቀን ሠራተኛ ሁኔታውን በደንብ ያሳያል። 47 ኪሎ ይመዝናል፣ በቀን 3 ክኒን ይወስዳል። በመጀመሪያው የ2 ወር ምዕራፍ 24 ቀን ከወሰደ በኋላ ለዘመድ ልቅሶ ገጠር ሄደ። ክኒኑን ይዞ አልሄደም፣ 9 ቀን ዘለለ። ሲመለስ የጎደለውን ለማካካስ በቀን 6 ክኒን መዋጥ ጀመረ፤ በሁለተኛው ቀን ሲያስመልስና ሲያዞረው ወደ እኛ መጣ። ይህን ስህተት በየጊዜው አያለሁ። ቤተሰቡም «ቶሎ ይድረስለት» ብሎ ያግዛል! ተጨማሪው ክኒን ጉበትን ይጎዳል እንጂ ያለፈውን ቀን አይመልስም።

ትክክለኛው ስሌት ይኸውና። የመጀመሪያው ምዕራፍ 56 የቀን መጠን ነው። እርሱ 24 ወስዷል፣ 32 ይቀረዋል። ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ እንደ ወትሮው በቀን 3 እየወሰደ 32ቱን ይጨርሳል፤ ምዕራፉ በ9 ቀን ይዘገያል እንጂ አይታጠፍም። እጥፍ የወሰደባቸውን ቀናት ለብቻ አጣራንለት፣ ጉበቱም ተመረመረ።

አንድ ቀን ብቻ ከረሱ፣ በዚያው ቀን ያስታወሱበት ሰዓት ላይ ይውሰዱ፤ ቀኑ ካለፈ ግን የዕለቱን ብቻ ይውሰዱና ለቲቢ ክፍሉ ይናገሩ። ጥቂት ቀናት ከሆነ በሚቀጥለው ቀን ይሂዱ። ከአንድ ወር በታች ሲሆን ባብዛኛው ሕክምናው ይቀጥላል፣ የጎደሉት ቀናት መጨረሻ ላይ ይጨመራሉ። ከአንድ ወር ሲበልጥ አክታ እንደገና ይመረመራል። 2 ወርና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው ሕክምናውን እንዳቋረጠ ይመዘገባል፤ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የአክታ ምርመራ ጀርሙ ሪፋምፒሲንን መላመድ አለመላመዱ ሳይታወቅ የቀድሞው ክኒን አይቀጥልም። ቤት የቀረ ክኒን ስላለ ብቻ በራስዎ አይጀምሩት። ሪፋምፒሲንን እያቋረጡ መጀመር ራሱ ትኩሳትና ብርድ፣ አልፎ አልፎም የኩላሊት ጉዳት ያመጣል።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ካርዱ ላይ የውሸት ምልክት ማድረግ ነው። ሁሉም ቀን «ወስዷል» ተብሎ፣ መሳቢያ ውስጥ ግን ክኒኑ ተከማችቶ ይገኛል። ጠበል ገብተው ከሆነ ይንገሩን። ጠበሉን ይጠጡ፣ ክኒኑንም ይዋጡ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ያልተነገረን ቀን ግን ስሌቱን ያበላሻል፣ ሐኪሙም በሐሰተኛ ቁጥር ይወስናል።

እንዳይዘለል

ክኒኑን በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር ያያይዙት፤ ፊት መታጠብ፣ ዳዊት መድገም፣ ሶላት። የስልክ ማንቂያ ጥሩ ነው፣ ስልኩ ሲጠፋ ግን አይጮህም። የሕክምና ደጋፊ ሆኖ የተመረጠው ሰው ከፊትዎ ቆሞ እስኪዋጥ ይይ፤ «ዋጥኩ» የሚል ድምፅ ሰምቶ ካርድ የሚሞላ ደጋፊ ይቀየር። ክኒኑን ከጥቅሉ አውጥተው በፌስታል አይያዙት፣ እርጥበት ያበላሸዋል፣ ከምድጃ አጠገብም አይቀመጥ።

ጉዞ ሲኖር ከመነሳት በፊት ለቲቢ ክፍሉ ይንገሩ። ለጥቂት ቀን ከሆነ የቀኖቹ ክኒን ተቆጥሮ ይሰጥዎታል፤ ከወር በላይ ከሆነ የዝውውር ወረቀት ተጽፎልዎት በሚሄዱበት ቦታ ባለው ጤና ጣቢያ ይቀጥላሉ። ልቅሶ በድንገት የሚመጣ ነገር ስለሆነ፣ ከክኒንዎ የሦስት ቀኑን ከነጥቅሉ ሁልጊዜ በሚይዙት ቦርሳ ውስጥ ያኑሩ፣ ስታሟሉትም ካርዱ ላይ ይጻፍ።