ጥሪ ሲቆራረጥ ቁጥሮቹን ስናነብ የምንሳሳትባቸው ቦታዎች

የአጎቴ ልጅ ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ የትራንዚት ቢሮ አለው። ጅቡቲ ካለው ወኪሉ ጋር በዙም ነው የሚነጋገረው። ጠዋት ጠዋት ጥሩ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ወኪሉ “ድምፅህ ይቆራረጣል፣ ድገምልኝ” ይለዋል። አንድ ቀን ከደሴ ወረድኩና ጥሪው ላይ እያለ አጠገቡ ተቀመጥኩ። Settings ውስጥ Statistics፣ ከዚያ Audio የሚለውን ከፈትን። Latency፣ Jitter እና Packet Loss ተደርድረዋል።

“ይኸው፣ ሌተንሲው 180 ሚሊሰከንድ ነው። ችግሩ እሱ ነው” አለኝ።

የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነው። ሌተንሲ ማለት ድምፁ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ሳይለዋወጥ እስከቆየ ድረስ ድምፅ ያዘገያል እንጂ አይቆራርጥም። ምልክቱም ሌላ ነው። ሁለታችሁም እኩል ትጀምራላችሁ፣ ከዚያ “አንተ ቀጥል”፣ “አይ፣ አንተ ቀጥል” ትባባላላችሁ። ቃል መሃል ላይ ከተዋጠ ግን ከሌተንሲው ወርዳችሁ ሌሎቹን ሁለቱን እዩ።

ሁለተኛው፣ የተሳሳተውን ዓምድ ማየት ነው። የአጎቴ ልጅ ዓይኑ Receive ላይ ነበር፤ እሱ ደግሞ ንጹህ ነው። ቅሬታው ግን የወኪሉ ነው። ሌላው ሰው እናንተን ካልሰማ Send የሚለውን ተመልከቱ። እናንተ እሱን ካልሰማችሁ ነው Receive የሚታየው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚያታልል ነው፤ አማካዩን ብቻ ማንበብ። ድምፅ በትንንሽ ቁራጭ፣ በፓኬት፣ ተከፋፍሎ ይላካል፤ ፓኬት ሎስ ከነዚህ የጠፉት ናቸው። Send ላይ ፓኬት ሎስ 1 በመቶ፣ በቅንፍ ውስጥ ደግሞ 12 በመቶ ይላል። ቅንፉ ውስጥ ያለው ከፍተኛው ነው። “1 በመቶ ምን አላት?” አለኝ። ወረቀት አወጣንና አሰላነው። ብዙ ጊዜ አንድ ፓኬት 20 ሚሊሰከንድ ድምፅ ይይዛል። በሰከንድ 50፣ በደቂቃ 3,000 ፓኬት ይሆናል። 1 በመቶው 30 ነው። እነዚህ 30ዎቹ ተበታትነው ከጠፉ ፕሮግራሙ ክፍተቱን በግምት ይሞላዋል፤ ጆሮ እምብዛም አያውቀውም። ሠላሳውም ተከታትለው ከጠፉ ግን 600 ሚሊሰከንድ ነው። “ኮንቴይነሩ” የሚለው ቃል እንዳለ ይሄዳል። አማካዩ በሁለቱም ያው 1 በመቶ ነው። ስለዚህ ከፍተኛውን እዩ።

አራተኛው፣ ፓኬት ሎስ ዜሮ ሲሆን ጂተርን መናቅ። ጂተር የፓኬቶቹ አመጣጥ መዘበራረቅ ነው። በየ20 ሚሊሰከንዱ ይነሳሉ፤ አንዱ ዘግይቶ ይመጣል፣ ከኋላው ያሉት ተግተልትለው ይከተሉታል። ተቀባዩ በኩል ትንሽ ማቆያ አለ። እሱ ከሚጠብቀው በላይ የዘገየ ፓኬት ቢደርስም ይጣላል። መንገድ ላይ አልጠፋም፤ ለጆሮ ግን ጠፍቷል። የእኛ ጂተር Send ላይ 60 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይዋልል ነበር። ጠዋት 7 እና 8 ነው።

ታዲያ ከሰዓት በኋላ ምን ይቀየራል? እዚህ ላይ አምስተኛው ስህተት ይመጣል፤ መስመሩ ዝም ባለበት ሰዓት መለካት። ፒንግ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀውን ጊዜ ይለካል። የአጎቴ ልጅ ሁልጊዜ ፒንግ የሚያደርገው ጠዋት፣ ሥራ ሳይጀምር ነው። እኛ ችግሩ እየታየ ሳለ ሁለት መስኮት ከፍተን ሞከርነው፤ አንዱ ወደ ራውተሩ፣ ሌላው ወደ ውጭ፦

```
ping -n 100 192.168.1.1
ping -n 100 8.8.8.8
```

ራውተሩ 2 ሚሊሰከንድ ላይ ሳይነቃነቅ ቆመ። ስለዚህ ዋይፋዩ ነጻ ነው። ወደ ውጭ ያለው ግን ጠዋት 95 የነበረው አሁን 700 ደረሰ። ራውተሩ በር ላይ ወረፋ አለ ማለት ነው።

ወረፋውን ያመጣው ስካነሩ ነበር። ጸሐፊዋ ከምሳ በኋላ የዕለቱን ሰነድ ስካን ታደርጋለች፤ ኮምፒውተሩም ፋይሎቹን በራሱ ወደ ኦንላይን ማከማቻ ይሰቅላል። የሚላክበት ፍጥነት 2 ሜጋቢት ብቻ ነው፤ ሰነዶቹ ሙሉውን ይይዙታል። ድምፅ የሚፈልገው 100 ኪሎቢት አካባቢ ነው፤ ግን ከሰነዶቹ ኋላ ይሰለፋል። ፋይል መላኩን ለጊዜው ስናቆመው ጂተሩ ወዲያው ወደ 8 ወረደ።

ስካኑን መከልከል አላስፈለገንም። የማከማቻው ፕሮግራም ላይ የመላኪያ ገደብ አደረግንበት። እዚያ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ፕሮግራሙ የሚጠይቀው በኪሎባይት ነው። 2 ሜጋቢት 250 ኪሎባይት ስለሆነ 180 አስገባን። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስካኑ እየሠራ ከፍተኛው የፓኬት ሎስ ከ1 በመቶ አላለፈም።

የእናንተ ራውተር ፒንግ ራሱ ከ2 ወደ 200 የሚዘል ከሆነ ግን ነገሩ ዋይፋዩ ጋ ነው፤ በኬብል ሰክታችሁ ድገሙት። ራውተሩ ንጹህ ሆኖ፣ ማንም ምንም ፋይል ሳይልክ ወደ ውጭ ያለው ፒንግ ከጠፋ፣ የሁለቱን መስኮቶች ውጤት ከነሰዓቱ ፎቶ አንስታችሁ መስመሩን ለሚያቀርብላችሁ ድርጅት አሳዩ።