ለደንበኛ ኢሜይል ከመላክዎ በፊት፦ በብር፣ በቀንና በስም ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

አንድ ደንበኛ 12 ጠረጴዛ አዘዘን፤ የአንዱ ዋጋ 18,750 ብር ነበር። በፕሮፎርማው ላይ የዕቃው ዋጋ 225,000፣ 15 በመቶ ቫቱ 33,750፣ ድምሩ 258,750 ብር ሆነ። በማግሥቱ ደውሎ «14 አድርጉልኝ» አለ። አባሪውን አስተካከልኩና ድምሩ 301,875 መጣ። በኢሜይሉ ጽሑፍ ውስጥ ግን 12ን ወደ 14 ቀይሬ የብሩን መጠን ረስቼው ኖሮ፣ «ለ14 ጠረጴዛ 258,750 ብር» ብሎ ሄደ። ደንበኛው አለቃውን ያስፈቀደው ኢሜይሉ ላይ ባነበበው ልክ ነው። የ43,125 ብሩን ልዩነት ለማስረዳት ሦስት ቀን ፈጀብን።

አንድ ቦታ አርሞ ሌላውን መርሳት። ከላይ ያለው ስህተት ይኸው ነው። አንድ ቁጥር ሲቀየር ከእሱ የሚወለዱት ሁሉ ይቀየራሉ፤ ብዛቱ የዕቃውን ዋጋ፣ የዕቃው ዋጋ ቫቱን፣ ቫቱ ድምሩን፣ ድምሩ ደግሞ ቅድመ ክፍያውን ይለውጣል። ስለዚህ አዲሱን ቁጥር ከማየት ይልቅ አሮጌውን ያድኑ። Ctrl+F ተጭነው «258» ብለው በኢሜይሉም በአባሪውም ይፈልጉ፤ አንድም ቦታ መገኘት የለበትም። ቀጥሎ ድምሩን ከአንዱ ዕቃ ዋጋ ተነስተው እንደገና ያስሉት፦ 14 ሲባዛ በ18,750 ማለት 262,500 ነው፣ ቫቱ 39,375፣ ድምሩ 301,875። ሰንጠረዡ ላይ ያለውን ድምር ከኢሜይሉ ጋር ማመሳከር ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱም ተሳስተው ሊስማሙ ይችላሉ።

አሃዝ ማቀያየር። 258,750 ለመጻፍ ታስቦ 285,750 ይጻፋል። ዓይን ቶሎ አይለየውም፤ አሃዞቹ ያው ናቸውና። የሂሳብ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ዘዴ አለ፦ ሁለቱ ድምሮች ካልተስማሙ ልዩነቱን ለ9 ያካፍሉ። እዚህ ልዩነቱ 27,000 ነው፤ ለ9 ሲካፈል ያለ ቀሪ 3,000 ይሰጣል። ያለ ቀሪ ከተካፈለ ጎን ለጎን ያሉ አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው እንደሆነ ይጠርጥሩ። ጥርጣሬ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ሌላ ስህተትም በአጋጣሚ ለ9 ሊካፈል ይችላል። የሚነጻጸር ሁለተኛ ድምር ከሌለ ደግሞ ቁጥሩን ጮክ ብለው በቃል ያንብቡት። «ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት ሺህ» ሲሉ ጆሮዎ ይይዘዋል።

ቫቱን በድፍን መተው። «ዋጋው 258,750 ብር ነው» ብቻ ከተባለ፣ የደንበኛው ግዢ ክፍል በላዩ ላይ ሌላ 15 በመቶ ሊጨምርበት ይችላል። «ቫትን ጨምሮ» ወይም «ከቫት በፊት» ይበሉ። ከድምሩ ወደ ዕቃው ዋጋ ሲመለሱም 15 በመቶ አይቀንሱ፤ ለ1.15 ያካፍሉ። ቢቀንሱ 219,937.50 ያገኛሉ፤ ትክክለኛው 225,000 ነው።

ቀንን በአሃዝ ብቻ መጻፍ። «ዋጋው እስከ 05/03/2018 ይጸናል» የሚለውን አዲስ አበባ ያለ ሰው ኅዳር 5 ብሎ ያነበዋል። ዋሽንግተን ያለ ደንበኛ ሜይ 3፣ ለንደን ያለው ማርች 5 ይለዋል፤ ለሁለቱም ጊዜው ካለፈ ዓመታት ሆኖታል። እንዲህ ይጻፉት፦ «ዓርብ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኖቬምበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.)»። የሳምንቱ ቀን ለማረሚያም ይጠቅማል፤ ካሌንደሩ ላይ ዓርብ ካልዋለ አንዱ ቀን ተሳስቷል ማለት ነው። ካለፈው ዓመት ኢሜይል ገልብጠው ቀኑን በቃል አያሰሉ። የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ነበር የዋለው፣ ከእሱ በፊት የነበረው ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረው፤ የ2018ቱ ግን ሴፕቴምበር 11 ላይ ነው። ሰዓትም እንዲሁ ነው፦ «3 ሰዓት» ለውጭ ደንበኛ 9 ሰዓት መሆኑን፣ ጠዋት መሆኑንም ይግለጹ።

ስምን በግምት መጻፍ። ደስታ የወንድም የሴትም ስም ነው። «ለአቶ ደስታ» ብለው ለወይዘሮ ከላኩ የቀረው ጽሑፍ በሙሉ «ልከውልን»፣ «ጠይቀውን» እያለ ቢያከብርም ቅሬታው አይቀርም። ስሙን ሰውየው ወይም ሴትዮዋ በራሳቸው ኢሜይል ግርጌ ከጻፉት ላይ ይቅዱ፤ ጸሐይ ይሁን ፀሐይ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ የባንክ ማስተላለፊያ ወይም የአውሮፕላን ቲኬት ካለበት መከተል ያለብዎ የፓስፖርቱን አጻጻፍ ነው።

የተቀባዩን አድራሻ መጨረሻ ላይ ይሙሉ። «ሰላም» ብለው ሲጀምሩ ኢሜይሉ ራሱ የሚሞላልዎ ሌላ ድርጅት ውስጥ ያለች ሰላም ልትሆን ትችላለች፤ ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ከ@ በኋላ ያለውን ያንብቡ።