ፋብሪካው ያለበት ከተማ ዋና መሥሪያ ቤት አይደለም

ደብረ ብርሃን ተቀምጬ የድርጅቶችን ፋይል ሳገላብጥ ዓመታት አልፈዋል። አዲስ አቅራቢ በመጣ ቁጥር ዓመታዊ ሪፖርቱን እንከፍትና ሁለት ነገር እናረጋግጣለን። ምን ይሠራል? ዋና መሥሪያ ቤቱስ የት ነው? ሁለቱም ስለ ኩባንያው በሚያወራው የመጀመሪያው ክፍል፣ ቢዝነስ ኦቨርቪው በሚሉት ላይ ይገኛሉ። ግን ይህ ክፍል አነባበቡን ላላወቀበት ይሸውዳል።

ፎቶ አይቶ አድራሻ መሙላት

ይኼኛው ያንገበግበኛል። ባለፈው ክረምት አንድ አዲስ ልጅ ፎርሙን ሞልቶ አመጣልኝ። «ዋና መሥሪያ ቤት፦ ደብረ ብርሃን» ይላል።

«ከየት አመጣኸው?»

«ሪፖርቱ ላይ አለ እኮ፣ እትዬ።»

ገጹን ገለጥኩት። ግማሹን ገጽ የያዘ የፋብሪካ ፎቶ አለ። ከሥሩ «በደብረ ብርሃን የሚገኘው ማምረቻችን» ተጽፏል። ማምረቻችን ነው ያለው! ዋና መሥሪያ ቤታችን አላለም። እዚህ አካባቢ ደግሞ ፋብሪካው ከእኛ ዘንድ ሆኖ ወሳኞቹ ሰዎች 130 ኪሎ ሜትር ርቀው አዲስ አበባ መቀመጣቸው የተለመደ ነው። ከዚያ በፊት በዚሁ ስህተት የላክነው ደብዳቤ የፋብሪካ በር ላይ ጥበቃው መሳቢያ ውስጥ ሦስት ሳምንት ተኝቷል። የመልስ ቀኑ አለፈ፤ ጥፋቱ ግን የጥበቃው አልነበረም።

ሦስት ቦታዎችን ለዩ፤ ኩባንያው በሕግ የተመዘገበበት፣ የሚመራበትና የሚያመርትበት። ሦስቱም ሊለያዩ ይችላሉ። ቦይንግን እዩት። ብዙ ሰው ሲያትል ነው ይላል፤ አውሮፕላን የሚገጥምባቸው ትልልቅ ፋብሪካዎች እውነትም እዚያው አካባቢ ናቸው። የተመዘገበው ግን ደላዌር ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ደግሞ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሲያትል ወደ ቺካጎ፣ በ2022 ወደ አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ተዛውሯል። የ2021 ሪፖርቱን የያዘ ሰው ቺካጎ ብሎ ይሞላል፤ አንብቦ ተሳሳተ ማለት ነው።

መፍትሔው ወደ ኋላ መግለጥ ነው። ከሒሳብ መግለጫዎቹ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ማብራሪያ፣ ኖት 1፣ አብዛኛውን ጊዜ የተመዘገበውን አድራሻና ዋና ሥራውን በሁለት ሦስት መስመር ይናገራል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ኖት 1 ኦዲተሩ አስተያየት የሚሰጥበት የሒሳብ መግለጫ አካል ነው። የፊተኛውን ክፍል ኦዲተሩ ያነበዋል፤ ከሒሳቡ ጋር የሚጣረስ ነገር ካለም ይናገራል፤ አስተያየቱ ግን እሱን አይሸፍንም። ሁለቱ ካልተስማሙ ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የንግድ ምዝገባውንም ከጎን አስቀምጡ።

ዕቅድን እንደ ሥራ መቁጠር

ግሡን ተመልከቱ። «እናመርታለን» እና «ለማምረት ፈቃድ አግኝተናል» አንድ አይደሉም። አንድ ድርጅት ብርድ ልብስ፣ የምግብ ዘይትና የጭነት አገልግሎት ብሎ ጻፈልን። የገቢ ማብራሪያውን ስናይ መስመሩ ሁለት ብቻ ነው፤ ብርድ ልብስና ጭነት። ዘይቱ የት ገባ? ንብረት ማብራሪያው ውስጥ፣ «በግንባታ ላይ ያለ» በሚለው ሥር ተገኘ። ስለዚህ ፎርሙ ላይ የገባው ሁለት ሥራ ነው፤ ዘይቱን «ገና ያልጀመረ» ብለን ለብቻው ጻፍነው።

ገቢው በዘርፍ ተከፋፍሎ የሚቀርብበትን የሴግመንት ማብራሪያ ካጣችሁ አትደንግጡ። የሒሳብ ሪፖርት ደረጃው የሚያስገድደው አክሲዮናቸው ወይም ቦንዳቸው በገበያ የሚሸጥ ድርጅቶችን ነው። ለሌሎቹ የገቢ ማብራሪያው ይበቃል።

የእናት ኩባንያውን ታሪክ ለልጅ መስጠት

ይኼን እኔም ሠርቼዋለሁ። የግሩፑን ሪፖርት አንብቤ አምስት ዘርፍ ዘረዘርኩ። ውል የሚፈርመው ግን አንዱ ተቀጥላ ነበር፤ ሥራው ማከፋፈል ብቻ። አለቃዬ ውሉ ላይ ያለውን ስም በእስክሪብቶ አክብቦ፣ ምንም ሳይናገር መለሰልኝ። አሁን ገጽ አንድ ሳልገልጥ በፊት የሁለቱን ሰነድ ስም ፊደል በፊደል አስተያያለሁ።

ዓመቱን አለማየት

«2016» ሲል በማን አቆጣጠር? የእኛው የ2016 በጀት ዓመት የተዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 7 ቀን 2024። ከዚያ ወዲህ ቢሮ ቀይረው ከሆነ ሪፖርቱ አያውቀውም። ስልክ ደውሉ።